«ፍጠኑ» ሳይሉ ማስቸኮል፦ ለአንድ ምግብ ቤት የፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሆን አነጋገር

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አካባቢ 40 ሰው የሚይዝ ምግብ ቤት አለኝ። ለፋሲካ ሙሉ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ ልንሸጥ ነው። ለገና ሞክረነው ነበር። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ "ፍጠኑ! ጥቂት ብቻ ቀርቷል! እንዳያመልጥዎ!" እያልን ለጠፍን። ያዘዘው 7 ሰው ነው። አንድ የድሮ ደንበኛዬማ "ምነው እንደ ሎተሪ አዟሪ ተከተላችሁኝ" አለኝ። ሰው ቶሎ እንዲያዝ የሚያደርግ፣ ግን የማያሰለች አነጋገር ጻፉልኝ። አስተናጋጆቼም ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸዋል።»

ምላሽ፦

«ጥቂት ብቻ ቀርቷል» ብላችሁ ስትለጥፉ ስንት ነበር የቀረው? ያዘዘው 7 ሰው ከሆነ የቀረው ጥቂት አልነበረም። ደንበኛ ይህን ለማወቅ ወጥ ቤት መግባት አያስፈልገውም። ሰኞ «ጥቂት ቀርቷል»፣ ማክሰኞ «ጥቂት ቀርቷል»፣ ሐሙስም ያው ከሆነ ነገሩ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሩም የሚሰማ የለም።

ሰው የሚቸኩለው ምክንያቱ ሲገባው ነው። የእርስዎ ምክንያት ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት ከዋና ወጥ ሠሪዎ ጋር ቁጭ ይበሉና ሁለት ነገር ይወስኑ፦ ስንት ዶሮ መሥራት እንደምትችሉ፣ መቼ መጀመር እንዳለባችሁ።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ትልልቅ ድስቶች አሏችሁ እንበል። አንዱ ሳይጨናነቅ 15 ዶሮ ይይዛል። ሁለቱ 30 ሆኑ። ከ30ው 4ቱን እሁድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ቤት ለሚመጣ ተመጋቢ ያስቀሩ። 2ቱን ለመጠባበቂያ ይያዙ። መጠባበቂያውን አይናቁት። አንዷ ዶሮ ከስታ ትመጣለች፣ ሌላዋ ስትገነጠል ትበላሻለች፣ የአንዱ ሰው ትዕዛዝ ሳይመዘገብ ይቀራል። ለሽያጭ የሚቀረው 24 ነው። ከአሁን በኋላ በማስታወቂያውም በአስተናጋጁም አፍ የሚነገረው ቁጥር ይህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀኑ። እኔ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አስባለሁ። ለ30 ዶሮ 60 ኪሎ መሆኑ ነው። 60 ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ ውሃው እስኪመጥ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ እስኪበስል ድረስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዓርብ ስቅለት ነው። ሠራተኛዎ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው። ቅዳሜ ዶሮው ይታረዳል፣ ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱንም ቅዳሜ ልጀምረው ካሉ ደንበኛው ማታ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ቁሌቱ ሐሙስ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይገባል። (ሐሙስ መሥራቱ ሌላም ጥቅም አለው። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ ቁሌት የጾም ነው። ወጥ ሠሪዋ ከጾም ሰዓቷ በኋላ ጨውና በርበሬውን ቀምሳ ማስተካከል ትችላለች። ቅዳሜ ቅቤና ዶሮ ከገባበት በኋላ ግን በማሽተት ብቻ ነው የምትሠራው።) ቁሌቱ ሐሙስ ከተሠራ፣ ሽንኩርቱና እንቁላሉ ሐሙስ ጠዋት ይገዛል፣ ለዶሮ አቅራቢውም ቁጥሩ ረቡዕ ማታ ይነገራል።

እንግዲህ ቀነ ገደቡ ራሱ መጣ፦ ረቡዕ 11 ሰዓት። ይህ ሰዓት ከማርኬቲንግ የመጣ ስላልሆነ «ለምን?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልስ አላችሁ። የአነጋገሩ ልብም ይህቺው ናት፦

«ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ነው። ሐሙስ ቁሌቱን ስለምንሠራ ከዚያ በኋላ መጨመር አንችልም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር «እንዳያመልጥዎ» ከሚለው ጋር አስተያዩት። እዚህ ማንም ማንንም አልገፋም። ግን ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ፣ ወይም እናቱ ስትሠራ ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ እውነት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

አሁን አንድ ትልቅ ስህተት ላርምዎት። ለገና እንዳደረጋችሁት እስከ ዋዜማው ድረስ በየቀኑ መለጠፍ ለፋሲካ ጭራሽ አይሆንም። ከሆሣዕና ማግስት ጀምሮ ሰሞነ ሕማማት ነው። የሚጾመው ሰው ተሳስሞ እንኳን ሰላም አይባባልም። በዚያ ሳምንት ቀይ ወጥ ላይ የተንሳፈፈ እንቁላልና እግር የሚያሳይ ፎቶ ስልኩ ላይ ቢደርሰው፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆኑ የሚሰማው ነገር ደስ አይልም። ግፊት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከቃሉ ይልቅ ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ዋናው ማስታወቂያ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ በኒቆዲሞስ፣ ይውጣ። ፎቶ ከፈለጉ የተሸፈነ ድስት፣ የተከመረ ሽንኩርት ወይም ድፎ ዳቦ ያንሱ። በሕማማት ሳምንት የሚወጣ ነገር ካለ አጭር ጽሑፍ ብቻ ይሁን፣ ያውም ከረቡዕ አይለፍ። ሐሙስና ዓርብ ዝም።

የቴሌግራሙ ጽሑፍ እንዲህ ይሁን፦

«የፋሲካ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ። አንድ ድስት ማለት አንድ ሙሉ የሀበሻ ዶሮ፣ 12 ብልት፣ 12 እንቁላል ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይበስላል፣ ቅቤው የተነጠረ ነው። ዋጋው ___ ብር፣ ቫት ተጨምሮበት። ዘንድሮ የምንሠራው 24 ድስት ነው። ትዕዛዝ ረቡዕ 11 ሰዓት ይዘጋል፣ ሐሙስ ቁሌቱን ስለምንሠራ። የሚወሰደው ቅዳሜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ነው። ለመያዝ ግማሹን በቴሌብር ይላኩና ስምዎን ይጻፉልን። እስካሁን የተያዘ፦ 0»

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «ደረቅ ነው» ይላል። ይሁን። ለበዓል ዶሮ ወጥ ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ግጥም አይደለም። ዶሮዋ የሀበሻ ናት የፈረንጅ፣ ብልቱ ሙሉ ነው ወይ፣ ቅቤው ምንድነው፣ ዋጋው ስንት ነው፣ እነዚህን ነው የሚጠይቀው። ለእነዚህ የምትመልሱት እውነት የሆነውን ብቻ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ የፈረንጅ ዶሮ ብላችሁ ጻፉ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ነገር ደግሞ እርሱት። ዋጋ ደብቆ «ፍጠኑ» ማለት ሰውየውን ዓይኑን ሸፍኖ ሩጥ እንደማለት ነው። ጠይቆ ሲያበቃ «አይ ይቅር» ማለት ስለሚከብደው ከነጭራሹ አይጠይቅም። ዋጋው በግልጽ ካለ ግን የማይችለው በሰላም ያልፋል፣ የሚችለው ቀጥታ ወደ ቀኑ ይሄዳል። በዚያ ላይ በዓል ሲቃረብ የዶሮና የእንቁላል ዋጋ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። «ቀብድ ለከፈለ ዋጋው አይጨምርም» የምትል መስመር ብትጨምሩ ከየትኛውም ቅናሽ የበለጠ ታስቸኩላለች። ቅናሽ አልመክርም። ለበዓል ገበያ ቅናሽ ማድረግ «ምን ጎሎት ነው?» ያሰኛል።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ ይበሉ። «እስካሁን የተያዘ» የሚለውን ቁጥር በየማታው ያስተካክሉታል። አዲስ ፖስት አይለጥፉም። ያንኑ ፖስት ከላይ ሰክተውት ቁጥሩን ብቻ ይቀይራሉ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ማስተካከል ለማንም ማሳወቂያ አይልክም። ሰው ራሱ ሲገባ 6፣ በማግስቱ 11፣ ከዚያ 15 ያያል። ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ማየት በራሱ ይናገራል። አንድ ችግር አለው። ቁጥሩ ሁለት ቀን 3 ላይ ከቆመ ያሳፍራል። ያኔ ቁጥሩን ማሳበጥ ያምርዎታል። አያድርጉት። ይልቅ ግማሹ እስኪያዝ ድረስ መስመሯን አውጥተው ያቆዩዋት። አለመናገርና መዋሸት ይለያያሉ። መዋሸቱ በሕግም ያስጠይቃል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል።

አስተናጋጆቹ ጋ እንምጣ። ከቴሌግራሙ ይልቅ የሚሸጠው እዚህ ነው፣ የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

የሚናገሩበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፦ ሒሳብ ሲያመጡ። ሰው በያይነቱን እየበላ ስለ ዶሮ አይነገረውም። አባባሉ ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ ሒሳቡ ይኸው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ እየያዝን ነው፣ እስከ ረቡዕ። ዝርዝሩ እዚህ ወረቀት ላይ አለ፣ ልተውልዎት።»

ወረቀቷን አስቀምጦ ይሄዳል። መሄዱ የአነጋገሩ አካል ነው። ብዙ ቤት ያየሁት ስህተት አስተናጋጁ ቆሞ «ላስመዝግብዎት?» ማለቱ ነው። እኛ ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት አይቀናንም። ስለዚህ ሰውየው «እሺ፣ እናያለን» ይላል። «እናያለን» ማለት በአዲስ አበባ አማርኛ እምቢታ ነው፣ በጨዋ ደንብ የተነገረ። አስተናጋጁ ግን ተስፋ አድርጎ በሚቀጥለው ቀን «እንዴት ሆነ ጋሼ፣ አዩት?» ይላል። የሎተሪ አዟሪዋ ነገር የመጣችው ከዚህ ይመስለኛል። ጥያቄ ካልተጠየቀ እምቢ ማለትም አይኖርም። ያ ሰው በማግስቱ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ዓይን ለዓይን ሳይሸሽ ይገባል።

የሚፈልግ ሰው በምን ይታወቃል? ይጠይቃል። «ስንት ዶሮ ነው የምትሠሩት?»፣ «ቅቤው ከየት ነው?»፣ «ለእናቴ ባዝላት ማድረስ ትችላላችሁ?» ይላል። ያኔ አስተናጋጁ ለጠየቀው ብቻ ይመልስና ይጨምራል፦ «ዛሬ የቀረን 9 ነው። ከፈለጉ አሁኑኑ ስምዎን ልጻፍ።» ቁጥሯ የምትነገረው ለጠየቀ ሰው ነው። ላልጠየቀ ሰው ስትነገር ማስፈራሪያ ትመስላለች።

ለወጣት ደንበኛ «ጋሼ»ን ትታችሁ በእርስዎ ብቻ ቀጥሉ። «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ» የሚሉ አስተናጋጆች ካሉ ለዚህ ሥራ ሲሆን ይተዉት፤ ሊሸጡለት ሲሉ የሚመጣ ፍቅር ያስታውቃል።

ስልክ ላይ የሚከብደው «ከባለቤቴ ጋር ተነጋግሬ ልደውል» የሚለው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ብዙውን ጊዜ ትደነግጥና «ኧረ ሊያልቅ ነው!» ትላለች። በእሱ ፈንታ፦

«ምንም ችግር የለውም፣ ተነጋገሩበት። እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ነው። ረቡዕ ጠዋት አንድ ጊዜ ላስታውስዎት ወይስ እርስዎ ይደውላሉ?»

«እኔ እደውላለሁ» ካለ አይደወልለትም። «አስታውሺኝ» ካለ ስሙ ይጻፋል፣ አንድ ጊዜ ይደወላል፣ አበቃ። የመጨረሻው ማስታወሻ የሚላከው ለእነዚህ ብቻ ነው። ስልክ ማውጫ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አይላክም። እዚያ ውስጥ ፋሲካን በጾም የማይቀበልም፣ በዓሉ በዓሉ ያልሆነም ደንበኛ አለ።

በአጭር መልእክት የሚልኩ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ይህቺ ትበቃለች፦

«የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዕዛዝ ረቡዕ 11 ሰዓት ይዘጋል። 9 ድስት ቀርቷል። ለማዘዝ ይደውሉልን።»

ነጥቡና ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 57 ነው። የቤቱን ስም ለመጨመር 13 ቀርቶዎታል። ስሙ ከገባ «ውድ ደንበኛችን» ለሚለው ቦታ ላይተርፍ ይችላል፣ ባይኖርም አይጎዳም።

ቀብዱን በተመለከተ ጠንከር ልበል። ያለ ቀብድ «ያዝልኝ» የሚባል ነገር ከዚያው ቀን ማታ አይለፍ። ዘመድና የቅርብ ወዳጅ ናቸው ቁጥሩን የሚያበላሹት። አምስት ሰው በቃል «ያዝልኝ» ብሎ ቅዳሜ ሁለቱ ካልመጡ፣ ሁለት ዶሮ እጅዎ ላይ ይቀራል፤ ረቡዕ ደግሞ «አልቋል» ብለው ሁለት ከፋይ ደንበኛ መልሰዋል። በተቃራኒው ከአቅም በላይ ቀብድ መቀበልም አደጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው በጥፋቱ ውሉ ሳይፈጸም ከቀረ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። 25ኛውን ድስት ለመሸጥ ሲያምርዎት ይህን ያስታውሱ።

ረቡዕ 11 ሰዓት ሲሆን 24ቱ ባይሞሉስ? 17 ላይ ቢቆምስ? ያኔ የሚመጣው ሐሳብ «በደንበኞቻችን ጥያቄ መሠረት እስከ ዓርብ አራዝመናል» ነው። እኔ ራሴ የዛሬ ስንት ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ በሠራሁበት ቤት ይህን አድርጌያለሁ። 6 ተጨማሪ ትዕዛዝ መጣ፣ ደስ አለን። ሽንኩርት ዓርብ ማታ በችርቻሮ ገዛን፣ ያው ሲመሽ የተገኘው ነው። ቅዳሜ ወጡ ሳይበስል ቀነ ገደቡን ጠብቆ ያዘዘው ሰው ከዘገየው ጋር አብሮ እስከ ማታ 3 ሰዓት ቆመ። አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመው «ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ወይስ እናንተን ልጠብቅ?» ያሉኝን አልረሳውም። በሚቀጥለው በዓል ቀነ ገደብ ስናወጣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ጠበቀ። እንደምናራዝም ያውቃላ! ስለዚህ 17 ከሆነ 17 ይሥሩ። ለአቅራቢው የሚነግሩት ቁጥር 23 ይሆናል፣ የሽንኩርቱም ግዢ 46 ኪሎ። ምንም አልከሰሩም፣ ገና አልገዙማ። ቀነ ገደቡን ከግዢው በፊት ያደረግነው ለዚህ ነው።

አነጋገር የማይፈታው አንድ ነገር ግን አለ። ዶሮ ወጥ ሰው በእናቱ እጅ የሚለካው ምግብ ነው። የእናንተን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ለፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናንተ አይወራረድም። በጾሙ ጊዜ ደግሞ ማስቀመስ አይቻልም። ስለዚህ ዘንድሮ ዓይናችሁን ለገና ባዘዙት 7 ሰዎችና ዶሮ ወጣችሁን ከጾሙ በፊት ሲበሉ በነበሩ የምሳ ደንበኞች ላይ አድርጉ። ለ7ቱ ማስታወቂያው ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት እርስዎ ራስዎ ይደውሉ፦ «ለገና ወስደው ነበር። ነገ ለሁሉም ልንናገር ነው፣ ከዚያ በፊት ለእርስዎ ልንገርዎት ብዬ ነው።» ከዚህ ውጪ ምንም አይጨምሩ። ለከርሞ ደግሞ በቅበላ ሳምንት ዶሮ ወጥ ምሳ ላይ አቅርቡና የበሉትን ሰዎች ስልክ በፈቃዳቸው ያዙ።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው፦ 24 ድስት፣ ረቡዕ 11 ሰዓት፣ ግማሽ ቀብድ፣ አንድ የተሰካ ፖስት፣ አንድ ማስታወሻ ለፈቀደ ሰው ብቻ። ካለቀ በኋላ ለሚደውል ሰው ገንዘብ ተቀባይዋ የምትለውንም ከወዲሁ ታጥናው፦

«ይቅርታ፣ 24ቱም ተይዟል። ሰው ቢተው ልደውልልዎት፣ ስምዎን ልጻፍ? እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ቤት መጥተው መብላት ይችላሉ፣ ለዚያ ለብቻ አስቀርተናል።»

ስሙን ከጻፈች ትደውል። ባይገኝም ቅዳሜ ጠዋት ደውላ «አልተገኘም» ትበለው።